ፎቶን ወደ ልጆች ሥዕል መቀየር፦ ፊልተር፣ ማሽን ወይስ የራስ እጅ?

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ከደሴ ባቲ ይዛት ወረደች። ቀኑ ሰኞ ነበር፣ የባቲ ገበያ ቀን። እኔም ስልኬን ይዤ ተከተልኳቸው። ማታ ላይ ስቆጥር ከ200 በላይ ፎቶ አንስቻለሁ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፦ ከዚህ የልጆች ሥዕል መጽሐፍ ለምን አይወጣም?

ታሪኩ ቀላል ነው። ዘሀራ የምትባል ልጅ አያቷን ተከትላ ገበያ ትወርዳለች። ዘንቢሉ ይጠፋል። ፈልገው ፈልገው ግመል አጠገብ ያገኙታል። መጽሐፉን 32 ገጽ አደረግኩት። ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው የዚህ ዓይነት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ለርዕስና ለመሳሰሉት 4 ገጽ ሲቀነስ ለታሪኩ 14 ጥንድ ገጽ ይተርፋል። ስለዚህ 14 ፎቶ መረጥኩ።

በአንድ ማታ ሁሉንም በካርቱን ፊልተር አሳለፍኳቸው። በማግስቱ አትሜ ለልጅቷ አሳየኋት። አምስተኛው ላይ እስክትደርስ እየሳቀች ነበር። ስድስተኛው ላይ ቆመች።

«አጎቴ፣ ይቺስ ማናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«ኧረ እኔ ቀይ ቀሚስ ነው የለበስኩት።»

እውነቷን ነበር። ስድስተኛው ሥዕል ላይ ቀሚሱ ቡናማ ሆኗል። ፊቷም የሌላ ልጅ ፊት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ሦስት መንገድ ሞከርኩ። የማወዳድራቸውም በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ገጽ 4 ላይ ያለችው ዘሀራ ገጽ 29 ላይ ያለችው ዘሀራ ናት ወይ? ውበቱን ሦስቱም ይሰጣሉ።

ፊልተር

ፊልተር የምለው ስልክ ላይ ያሉትን የካርቱን አፖችና እንደ ጂምፕ ባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ውስጥ `Posterize`፣ `Cartoon`፣ `Oilify` የሚባሉትን ነው። ፈጣን ናቸው። 14 ፎቶ ለመቀየር አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ችግሩ ፊልተር ዘሀራ የምትባል ልጅ መኖሯን አለማወቁ ነው። የሚያየው የእያንዳንዱን ነጥብ ብርሃን ብቻ ነው። `Posterize`ን እንውሰድ። ከ0 እስከ 255 ያለውን የቀለም መጠን ጥቂት ደረጃዎች ላይ ይጨፈልቀዋል። 4 ደረጃ ካላችሁት 0፣ 85፣ 170 እና 255 ብቻ ይቀራሉ። የቀሚሱ ቀይ 130 ከሆነ ወደ 170 ይወጣል። ትንሽ ጥላ አርፎበት 120 ከሆነ ግን ወደ 85 ይወርዳል። ፎቶው ላይ ዓይናችን በቀላሉ የማይለየው የ10 ልዩነት ሥዕሉ ላይ ቀይና ቡናማ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የእኛ ፎቶዎች ደግሞ ለዚህ የተመቹ አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹን ያነሳሁት ጠዋት ደሴ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ ነው። ብርሃኑ ሰማያዊ ይላል፣ ጥላ የለውም። የመጨረሻዎቹ ባቲ በቀትር የተነሱ ናቸው። ቆላ ነው፣ ፀሐዩ ግንባር ይበሳል፣ ከዓይን በታች ጥቁር ጥላ ይጥላል። ስልኩም በየፎቶው ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል። አንድ ልጅ፣ አንድ ቀሚስ፣ አሥራ አራት ዓይነት ቀለም።

ትንሽ ማስታገሻ አለው። የራሳችሁን ጥቂት ቀለማት የያዘች ትንሽ ሥዕል `palette.png` ብላችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ኢሜጅማጂክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ትእዛዙን ተርሚናል ላይ በመጻፍ፣ ፎቶው እነዚያን ቀለማት ብቻ እንዲጠቀም ማስገደድ ይቻላል፦

```
magick foto.png +dither -remap palette.png out.png
```

እያንዳንዱ ነጥብ ከፓሌቱ ውስጥ በጣም ወደሚቀርበው ቀለም ይሄዳል። ቀሚሱ በአብዛኛው ተስተካከለልኝ። ነገር ግን የባቲ ፎቶዎች ላይ ከአገጯ በታች ያለው ጥላ ከቆዳዋ ይልቅ ለፀጉሯ ቀለም ይቀርብ ነበርና ልጅቷ ጢም አበቀለች። እናቴ አይታ እስኪያማት ሳቀች።

ፊልተርን ግን አልጣልኩትም። ለተራራው፣ ለገበያው ግርግር፣ ለመንገዱ ተጠቀምኩበት። የጦሳ ቅርጽ በጉምና በፀሐይ ቢለያይ ማንም ልጅ «ይሄ ሌላ ተራራ ነው» አይልም። መጽሐፋችሁ በየገጹ ሌላ ሰው የሚያሳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሥራ ዓይነቶችን ወይም ፊደልን የሚያስተምር ከሆነ፣ ፊልተር ብቻውን ይበቃል። አንድ ልጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትመላለስበት ታሪክ ላይ ግን አይሆንም።

ሥዕል የሚያመነጭ ማሽን

ሁለተኛው መንገድ አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራለት ነው፦ ፎቶውን ሰጥቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አዲስ ሥዕል ማሠራት። ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ካለው ጓደኛዬ ቤት ስቴብል ዲፊውዥን ላይ ሞከርኩት። ፎቶ ሲሰጠው ማሽኑ ከፎቶው ምን ያህል እንዲርቅ የምትወስኑበት መቆጣጠሪያ አለ። `Denoising strength` ይባላል፣ ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው።

0.3 አካባቢ ስናደርገው ፎቶው ቀለም የተቀባ ፎቶ ሆኖ ቀረ። 0.55 ላይ ሥዕሉ አማረ። ቁጭ ብለን አደነቅን። ከዚያ አራቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ሹሩባዋ አንዱ ላይ አምስት፣ ሌላው ላይ ዘጠኝ ሆኗል። አንዱ ላይ ዓይኗ ክብ፣ ሌላው ላይ ረዘም ያለ ነው። 0.7 ስንደርስ የእናቴ ነጠላ ሻርፕ ሆነ፣ ጥለቱም ጠፋ። ጀበናውም የፈረንጅ ሻይ ማንቆርቆሪያ መሰለ። ማሽኑ ርቆ በሄደ ቁጥር የሚሞላው ከዚህ በፊት ካያቸው ሥዕሎች ነው። ካያቸው ውስጥ ደግሞ የወሎ እናት ብዙም የለችበትም።

ብዙ ሰው «ሲዱን አንድ አድርገው» ይላል። `Seed` ማሽኑ የሚነሳበትን የመጀመሪያ የተዘበራረቀ የነጥብ ክምር የሚወስን ቁጥር ነው። ሁሉም ነገር አንድ ከሆነ ያው ሥዕል ተመልሶ ይወጣል። ፎቶው ወይም የምትጽፉለት ትእዛዝ ሲቀየር ግን ፊቱም አብሮ ይቀየራል። ቁጥሩ ዘሀራን አያስታውስም። ኮንትሮልኔት የሚባለው ተጨማሪ ደግሞ የፎቶውን መስመር ወይም የሰውነቱን አቋም ይይዛል። አቋሟን በትክክል ያዘልን። ፊቷንና ቀለሟን ግን አልያዘም፤ ሥራውም አይደለም።

ፊቷን በእርግጥ የሚይዘው ሎራ ነው። ሎራ ማለት ትልቁ ማሽን ላይ የሚጨመር ትንሽ ሥልጠና ነው። ከ15 እስከ 30 ሥዕል ይበቃዋል። ግን ሥልጠናው ላይ የምታቀርቡት ምንድን ነው? ፎቶ ብቻ ካቀረባችሁ የሚማረው ፎቶዋን ነው። በምትፈልጉት የአሣሣል ስልት እንዲያውቃት በዚያው ስልት የተሣለች ዘሀራ ያስፈልጋችኋል። 20 ጊዜ! እኔ የምሠራው 14 ሥዕል ነው። 20 ዘሀራ ከሣልኩማ መጽሐፉ አልቆ ተርፏል። ከሚያመነጨው ብዙ ሥዕል ውስጥ የሚመሳሰሉትን ለቅሞ ማሠልጠንም ይቻላል። ጓደኛዬ ሁለት ቀን ለቀመ። ያገኘው 11 ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። ዘሀራን በአራት በአምስት መጽሐፍ ልታወጧት ካሰባችሁ ሎራ ድካሙን ይከፍላል። ለአንድ መጽሐፍ አይከፍልም።

ኦንላይን ያሉት አዳዲሶቹ ማሽኖች ናሙና ሥዕል ስትሰጧቸው ከዚህ በተሻለ ይይዟታል። እነሱን ከመረጣችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለገጽ 6 የወጣውን ሥዕል ለገጽ 8 ናሙና አድርጋችሁ አትስጡ። ትንሿ ስሕተት በየገጹ እየተጠራቀመች መጨረሻ ላይ ሌላ ልጅ ትወልዳለች። ሁሌም ወደ መጀመሪያው ናሙና ተመለሱ። ደግሞም የምትልኩት የልጅ ፎቶ ነው። እህቴ የልጇ ፊት ወደማታውቀው ቦታ እንዲሄድ አልፈቀደችም። እኔም አልተከራከርኩም።

በራስ እጅ፣ በፎቶው ላይ

ሦስተኛው ፎቶውን ከሥር አድርጎ ከላይ መሣል ነው። የመስኮት መስታወት ላይ ፎቶውንና ወረቀቱን ደርቦ በእርሳስ መሥራት ይቻላል። እኔ ክሪታ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከአነስተኛ መሣያ ታብሌት ጋር ተጠቀምኩ። ሠዓሊ አይደለሁም፣ ይሄን አስቀድሜ ልናገር።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ፎቶውን እንዳለ መከተል ነው። ስልክ ሰፊ ስለሚያይ በጣም ቀርባችሁ ያነሳችሁት ሰው ጭንቅላቱና አፍንጫው ይተልቃል፣ እግሩ ያንሳል። ከሩቅ ያነሳችሁት ደግሞ ልኩን ይይዛል። ሁለቱን በታማኝነት ስትከተሉ የተለያየ ቁመና ያላቸው ሁለት ልጆች ይወጣሉ። ገና ፎቶ ያላነሳችሁ ከሆነ ሁሉንም ከ2 ወይም 3 ሜትር ርቀት አንሱ፣ አጉልታችሁም ቢሆን። ፊቱን መከተልም ሌላ ጣጣ ነው። ልጅ ስትስቅ ከአፍንጫዋ ወደ አፏ የሚወርድ እጥፋት አለ። ፎቶ ላይ አይታወቅም። በመስመር ስትሥሉት ግን የሰባት ዓመቷ ልጅ አሮጊት ትሆናለች።

ስለዚህ ፎቶውን ትቼ ናሙና ገጽ ሠራሁ። አንድ ወረቀት ላይ ዘሀራ ከፊት፣ በሰያፍ፣ ከጎን እና ከኋላ። ከሥሯ አምስት ፊት፦ የምትስቅ፣ የምትደነግጥ፣ የምታለቅስ፣ የምታስብ፣ የምትተኛ። ልኳን በጭንቅላቷ ቁጥር ወሰንኩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በእውነት ስድስት ጭንቅላት ያህል ይረዝማል። እኔ አራት አደረግኳት፣ ለልጆች ሥዕል እንዲያምር። አያቷን አምስት ተኩል። ጎን ለጎን ሲቆሙ የዘሀራ አናት የአያቷ ክርን ላይ ይደርሳል። ይሄ በየገጹ አይቀየርም።

ከዚያ ምልክቶቿን መረጥኩ። ስድስት ሹሩባ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው ቀይ ቀሚስ፣ ቢጫ ኮንጎ ጫማ። ሦስት ብቻ። እውነተኛዋ ልጅ የዶቃ አምባርም ነበራት፣ ተውኩት። ሊቆጠር የሚችል ነገር ሲበዛ የሚረሳም ይበዛል። አያቷ ደግሞ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላና ዘንቢል ይዛለች። ዘንቢሉ ሲጠፋ እጇ ባዶ ስለሚሆን ጥለቱ ነው የሚያሳውቃት።

አንድ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ በስድስተኛው ሥዕል ላሳያችሁ፣ ቀሚሱ ቡናማ በሆነው። ዘሀራ ጎንበስ ብላ የሻጭ መደብ ሥር ዘንቢሉን ትፈልጋለች። ሸራውን ገና ከመጀመሪያው በሕትመት ልኩ ከፈትኩ። መጽሐፉ 21 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው። ዙሪያውን ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ስጨምር ጥንዱ ገጽ 42.6 በ21.6 ይሆናል። ለሕትመት በሚፈለገው 300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ይሄ 5032 በ2551 ፒክስል ነው። ፎቶውን አስገብቼ ድምቀቱን በ`Opacity` ወደ 40 በመቶ አወረድኩ። ከላዩ እንደ ግልጽ ወረቀት የሚደረብ አዲስ ሌየር ከፍቼ የትከሻውን መስመር፣ የጀርባውን መታጠፍ፣ ክርኖቹን፣ ጉልበቶቹን ብቻ ምልክት አደረግኩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ፎቶውን ደበቅኩት። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ፎቶው እየታየ እጅ እሱን መከተሉ አይቀርም። ሲደበቅ ግን አጥንቱ ይቀራል፣ ሥጋውን ከናሙና ገጹ ታለብሱታላችሁ። ጭንቅላቱን በናሙናው ቅርጽ ሠራሁ፣ ቁመቷንም በዚያ ጭንቅላት ለካሁ። ጎንበስ ስላለች አራት ጭንቅላት አይሞላም። እግርና ጀርባን ለየብቻ መለካት ነው። ፎቶው ላይ ፊቷ በጥላ ተውጦ ነበር። እኔ ከናሙናው የምታስበዋን ፊት አነሳሁ።

የመስመሩን ውፍረት ሁሌም 9 ፒክስል አደረግኩ። የተጠናቀቀችን ዘሀራ በኋላ ማሳደግ ወይም ማሳነስ ክልክል ነው። መስመሯ አብሮ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል፣ ከጎኗ ካለችው አያቷም ትለያለች። ልኳ ከተሳሳተ እንደገና ሥሏት።

ቀለሟ ሰባት ነው፣ በቁጥር የተጻፈ። ቆዳ `#8A5A3C`፣ የቆዳ ጥላ `#6B4229`፣ ፀጉር `#2A1F1A`፣ ቀሚስ `#B8322A`፣ የቀሚስ ጥላ `#8E241F`፣ ኮሌታ `#F4EEE0`፣ ጫማ `#E0A62E`። እያንዳንዱ በራሱ ሌየር ላይ ነው። ከፎቶው ቀለም መቅዳት የለም። ታዲያ የደሴ ጉምና የባቲ ፀሐይ እንዴት ይለያሉ? ቀለሟን ሳትነኩ ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር ትደርባላችሁ። ለጉሙ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ለቀትሩ ፈዛዛ ብርቱካን፣ የሥሩን ቀለም እያጠቆረ በሚደርበው በ`Multiply`፣ ድምቀቱ 20 በመቶ ገደማ። ሰውም ዛፍም ግመልም አንድ ላይ ስለሚቀየር ዓይን የሚያነበው የአየሩን መለወጥ ነው። ቀሚሱ ያው ቀይ ቀሚስ ነው።

የመጀመሪያው ጥንድ ገጽ ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ከአምስተኛው በኋላ በአንድ ማታ አንድ እጨርስ ነበር። ዳራውን ከፊልተሩ ስለወሰድኩ ነው እንጂ ገበያውን ሁሉ ልሣል ብል እስካሁንም አልጨረስኩ። ዳራው ላይ ግን አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ፊልተሩ የሚያወጣው ዝርዝር ሲበዛ ጠፍጣፋዋ ዘሀራ ከላዩ የተለጠፈች ትመስላለች። ፎቶውን ከፊልተሩ በፊት ትንሽ ማደብዘዝና ከኋላ ያሉ ሰዎችን ቀለም ማፍዘዝ አስታረቃቸው።

መመሳሰሏን በምን ታውቃላችሁ?

አንድ በአንድ እያያችሁ አታውቁትም። በዚያው በኢሜጅማጂክ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ አሳንሳችሁ ደርድሩ፦

```
magick montage page*.png -tile 4x -geometry 300x300+10+10 sheet.jpg
magick sheet.jpg -colorspace Gray gray.jpg
```

የመጀመሪያው ባለቀለሙን ድርድር ያወጣል። እሱ ላይ ምልክቶቹን ቁጠሩ። እኔ ሁለት ቦታ አምስት ሹሩባ፣ አንድ ቦታ ያለ ኮሌታ አግኝቻለሁ። ሁለተኛው ያንኑ በጥቁርና ነጭ ያደርገዋል። ቀሚሷ በየገጹ ተመሳሳይ ግራጫ መሆን አለበት። ግመሉ ያለበት ገጽ ላይ ቀሚሱ ከሌሎቹ ጠቆር ብሎ ታየኝ። ለካ የቀትሩን ሌየር በስሕተት ሁለቴ ደርቤዋለሁ።

ከዚያ ለልጅ አሳዩ። ጽሑፉን ሸፍናችሁ «ዘሀራ የታለች?» በሉ። ገበያው ውስጥ ሌሎች ልጆችም አሉና መልሱ ቶሎ መምጣት አለበት። የእህቴ ልጅ 13ቱን ወዲያው ጠቆመች። አንዱ ላይ ሌላ ልጅ አሳየችኝ፣ ከኋላ የቆመች ቀይ ሹራብ የለበሰች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቀይን ለዘሀራ ብቻ መተው ሲገባኝ ከፊልተሩ የመጣውን ሹራብ አልቀየርኩትም። አሁን ሰማያዊ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ወረቀት ነው። ስክሪን በብርሃን ያሳያል፣ ማተሚያ በቀለም። ሁሉንም ከማሳተሜ በፊት አንድ ጥንድ ገጽ ብቻ አሳተምኩ። የቆዳዋ ጥላ `#6B4229` ከፀጉሯ ጋር ሊቀላቀል ደርሶ ነበር፣ የአገጯ መስመር ጠፋ። ወደ `#7A4C31` አወጣሁት። ቀለሙ በራሱ ሌየር ላይ ስለነበር 14ቱንም ማረም አንድ ማታ ወሰደብኝ።